የውድድር በጎ ፈቃደኞች የገለጻ ወረቀት አዘገጃጀት፦ ማን የት ይቆማል፣ መቼ ይለወጣል፣ ለማን ይደውላል

የገለጻ ወረቀትን የሚያነብ ሰው ወንበር ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ ሰው አይደለም። ቆሟል፤ በአንድ እጁ የውጤት ወረቀት ወይም የውሃ ካርቶን ይዟል፤ ከፊቱ አንድ አሠልጣኝ ወይም አንድ የተጨነቀ ወላጅ መልስ ይጠብቃል። ወረቀቱን ከኪሱ የሚያወጣው ሊያጠናው ሳይሆን አንዲት መስመር ፈልጎ ሊያገኝበት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ለሦስት ጥያቄዎች ብቻ መልስ ይስጥ፦ እዚህ ቦታ ላይ ሥራዬ ምንድን ነው? እስከ ስንት ሰዓት ነው? ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመኝ ለማን ልደውል? የውድድሩ ዓላማ፣ የስፖንሰሮች ምስጋና፣ የውድድር ደንቡ ሙሉ ቃል ሌላ ቦታ ይኑር። እዚህ ከገባ የሚፈለገውን ስልክ ቁጥር ይደብቃል።

ነገሩ በደንብ እንዲታይ አንድ ውድድር ይዘን እንሂድ። የታዳጊዎች የእግር ኳስ ውድድር ነው፤ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን ያልቃል። 8 ቡድኖች በ2 ምድብ ተከፍለው በ2 ሜዳ ይጫወታሉ። በየምድቡ 6 ጨዋታ አለ፤ በድምሩ 12። በዚያ ላይ 2 የግማሽ ፍጻሜ፣ 1 የደረጃና 1 የፍጻሜ ጨዋታ ሲጨመር 16 ጨዋታ ይሆናል። አንዱ ጨዋታ ሁለት 15 ደቂቃ ነው፤ መሐል ላይ 5 ደቂቃ እረፍት፣ መጨረሻ ላይ ቡድን ለመለወጥ 10 ደቂቃ ተጨምሮ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ከጠዋቱ 3:00 ከተጀመረ የምድብ ጨዋታዎች 7:30 ያልቃሉ። ከምሳ እረፍት በኋላ ግማሽ ፍጻሜዎቹ 8:15 በሁለቱም ሜዳ እኩል ይጀመራሉ፤ የደረጃው ጨዋታ 9:00፣ ፍጻሜው 9:45፣ ሁለቱም በሜዳ 1። ከሽልማቱና ከጽዳቱ በኋላ 11:00 ላይ ሁሉም ሰው ይወጣል።

አንደኛ፦ ከሰው ስም ሳይሆን ከቦታ ጀምሩ

ብዙ አስተባባሪ የሚጀምረው የተመዘገቡትን በጎ ፈቃደኞች ስም ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ሥራ በመፈለግ ነው። እንደዚያ ሲደረግ ሦስት ሰው በር ላይ ተሰብስቦ ሜዳ 2 ባዶውን ይቀራል። ከዚህ የሚሻለው የጨዋታውን መርሃ ግብር ይዞ ሜዳውን በእግር መዞርና፣ አንድ ቡድን በበሩ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ከማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ መከተል ነው። ቡድኑ በሩ ላይ ሰው ያስፈልገዋል፤ ቀጥሎ ምዝገባ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሜዳው የሚጠራው ሰው ይኖራል፤ ሜዳው ዳር ሰዓትና ጎል የሚመዘግብ አለ፤ የተመዘገበውን ውጤት ደግሞ አንድ ቦታ የሚሰበስብ አለ። ተጫዋቾቹ ውሃ ይጠጣሉ፤ ሊጎዱም ይችላሉ።

በዚህ አካሄድ ለያዝነው ውድድር የሚወጣው ቁጥር ይህ ነው። በእያንዳንዱ ሜዳ 2 ሰው፦ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሰዓትና ጎል ይይዛል፣ ሌላው ቡድን ይጠራል፣ ኳስ ያዘጋጃል፣ ተመልካቹን ከመስመሩ ያርቃል። እዚህ ላይ በአንድ ሰው ለመጨረስ መሞከር ያጓጓል፤ ግን ሰዓት የያዘ ሰው ቡድን ፍለጋ ከጠረጴዛው በተነሳ ቁጥር የጨዋታው ደቂቃ ባለቤት ያጣል። ሁለት መሆን አለባቸው። በር ላይ 2፣ ምዝገባ ላይ 2፣ ውሃና የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳኑ ጋ 1። በድምሩ 9 ሰው። የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጠው ባለሙያ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ በጎ ፈቃደኛው የእሱ ረዳት ነው።

የምዝገባዎቹ ሁለት ሰዎች ሥራ 3:15 ላይ ያልቃል። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄዱ ካልነገራቸው እዚያው ወንበር ላይ ሲጨዋወቱ ታገኟቸዋላችሁ፤ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም። አንዱ የውጤት ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ውጤት ስለሚደርሰው ቀድሞ ቦታውን ይይዛል። ሌላው ተጠባባቂ ይሆናል። ተጠባባቂ ማለት ሥራ የሌለው ሰው አይደለም። ሌሎቹን ለመጸዳጃና ለእረፍት የሚተካ፣ የቀረ ሰው ሲኖር ክፍተቱን የሚሞላ ነው፤ ይህም በግልጽ ይጻፍለት። ከሰዓት በኋላ የሚገባው ሰው ስለሚቀንስ በሩን 1 ሰው ይበቃዋል። ስለዚህ በሁለት ፈረቃ 9 እና 8፣ በድምሩ 17 ሰው ያስፈልጋል። ዋናው አስተባባሪና ምክትሉ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ የራሳቸው ቋሚ ቦታ ሊኖራቸው አይገባም። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አስተባባሪ ሲደወልለት መነሳት አይችልም።

ሁለተኛ፦ የእያንዳንዱን ቦታ ሥራ በአራት መስመር ጻፉ

አራቱ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦ የምትቆሙበት፣ የምትሠሩት፣ የምትይዙት፣ የማትወስኑት። አራተኛዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት።

የምትሠሩት የሚለው ላይ «ጨዋታው በሥርዓት እንዲካሄድ ማስተባበር» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው። ሰውዬው ይህን አንብቦ የትኛውን እግሩን እንደሚያነሳ አያውቅም። በምትኩ ሊያደርገው የሚገባውን ነገር ከነጊዜው ንገሩት፦ «እየተካሄደ ያለው ጨዋታ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ቀጣዮቹን ሁለት ቡድኖች ከማሟሟቂያው ቦታ አምጥታችሁ ከጠረጴዛው ኋላ አቁሙ።» አሁን ሥራው ታየ። ሠራው አልሠራው የሚለውም ይታወቃል።

የሜዳ 2 የጠረጴዛ ተረኛ ወረቀት ላይ የሚገባው ይህን ይመስላል፦

> የሜዳ 2 ጠረጴዛ ተረኛ
> የምትቆሙበት፦ ሜዳ 2፣ በመሐል መስመሩ ትይዩ ያለው ጠረጴዛ። ጨዋታ እየተካሄደ ከጠረጴዛው አትነሱ።
> የምትሠሩት፦ ዳኛው ሲያስጀምር ሰዓቱን ክፈቱ። እያንዳንዱን ጎል ከደቂቃውና ከማሊያ ቁጥሩ ጋር መዝግቡ። 15 ደቂቃ ሲሞላ ለዳኛው እጅ አንስታችሁ አሳዩ፤ ጨዋታውን የሚያስቆመው እሱ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ የውጤት ወረቀቱን ዳኛውና ሁለቱ የቡድን መሪዎች ሜዳው ላይ እንዳሉ አስፈርሙ፤ ከዚያ በሜዳ ተረኛው በኩል ወደ ውጤት ዴስክ ላኩ።
> የምትይዙት፦ 1 የእጅ ሰዓት፣ 8 ባዶ የውጤት ወረቀት፣ 2 እስክሪብቶ፣ 1 መለዋወጫ ኳስ ከጠረጴዛው ሥር።
> የማትወስኑት፦ ጎል መሆን አለመሆኑን፣ የባከነ ሰዓት መጨመርን፣ የተፈረመ ውጤት ማረምን። የሚጠይቃችሁ ካለ «ይህን የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ የውድድር ኃላፊውን አሁን እጠራለሁ» በሉና ደውሉ።

8 የውጤት ወረቀት ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ሜዳ 2 ላይ በቀኑ 6 የምድብና 1 የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ አለ፤ አንዷ የተበላሸች ብትኖር ብዬ ነው።

የመጨረሻዋን መስመር ዋጋ ለማየት የሚከተለውን አስቡት። ጠረጴዛው ላይ የ19 ዓመት ተማሪ ተቀምጣለች። አንድ አሠልጣኝ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጁን ደግፎ «2 ለ 2 ነው ያለቀው፣ አንቺ 2 ለ 1 ጻፍሽ፣ አስተካክዪው» ይላታል። በዕድሜ ይበልጣታል፤ ድምፁም ከፍ ብሏል፤ ከኋላው ወላጆች ተሰብስበዋል። እሷ ልክ ብትሆንም በራሷ ቃል ለመከራከር ይከብዳታል። ወረቀቱ የምትለውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ከሰጣት ግን መከራከር አይጠበቅባትም። ታነበዋለች፤ ትደውላለች፤ ነገሩ ከእጇ ይወጣል። ሦስት ፊርማ ያለበት ወረቀት ደግሞ ውጤት ዴስክ ላይ ስላለ ኃላፊው ሲመጣ የሚያየው ነገር አለ። በምድብ ውስጥ የአንድ ጎል ስህተት ማን ወደ ግማሽ ፍጻሜ እንደሚያልፍ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ፊርማው ቡድኖቹ ከሜዳው ሳይወጡ መወሰድ አለበት። ቆይቶ ፈላጊና ተፈላጊ አይገናኙም።

ሦስተኛ፦ ፈረቃውን በጨዋታ መሐል አትቁረጡ

ፈረቃ ሲከፋፈል የተለመደው ቀኑን እኩል ለሁለት መክፈል ነው። ከ3:00 እስከ 11:00 ስለሆነ 7:00 ላይ ይለወጡ ይባላል። ግን 7:00 ላይ በሁለቱም ሜዳ 6:45 የተጀመረ ጨዋታ እየተካሄደ ነው፤ ሰዓት የያዘው ሰው ሰዓቱን ለሌላ አስረክቦ ሲሄድ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆኑ የሚያረጋግጥ ሰው አይኖርም። መለወጫው ሁልጊዜ በሁለት ጨዋታ መካከል ባለችው የ10 ደቂቃ ክፍተት ላይ ይዋል።

ሌላው ነገር ሁሉንም ሰው በአንድ ሰዓት አለመለወጥ ነው። 17 ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባና ሲወጣ አስተባባሪው የትኛው ቦታ እንደተተካ፣ የትኛው እንዳልተተካ ማየት አይችልም። ለዚህ ውድድር ሜዳ 2 በ6:00፣ ሜዳ 1 በ6:45 ቢለወጥ ይሻላል፤ አስተባባሪው ሁለቱም ጋ ቆሞ ርክክቡን ያያል። ሰዓቱ እንዲህ ይሆናል፦

> ሜዳ 2፣ 1ኛ ፈረቃ፦ መድረሻ ጠዋት 2:30፣ ቦታ መያዣ 2:45፣ መለቀቂያ ቀን 6:00
> ሜዳ 2፣ 2ኛ ፈረቃ፦ መድረሻ ቀን 5:30፣ ቦታ መያዣ 5:45፣ መለቀቂያ ከሰዓት 9:00
> ሜዳ 1፣ 1ኛ ፈረቃ፦ መድረሻ ጠዋት 2:30፣ ቦታ መያዣ 2:45፣ መለቀቂያ ቀን 6:45
> ሜዳ 1፣ 2ኛ ፈረቃ፦ መድረሻ ቀን 6:15፣ ቦታ መያዣ 6:30፣ መለቀቂያ ከሰዓት 11:00

ለእያንዳንዱ ፈረቃ ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። «ፈረቃ 3:00» ብቻ ከተባለ አንዱ 3:00 ላይ በሩ ጋ ይደርሳል፤ መታወቂያ ባጁን ፈልጎ፣ ሰደርያውን ለብሶ፣ ሜዳውን ጠይቆ ሲደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። መድረሻው ለመፈረምና ለመልበስ፣ ቦታ መያዣው ዕቃ ለመቁጠር ነው። ሁለተኛው ፈረቃ ቦታውን የሚይዘው መለወጫው ከመድረሱ 15 ደቂቃ ቀድሞ ስለሆነ፣ የሚያልቀውን ጨዋታ መጨረሻ ከመጀመሪያው ተረኛ ጎን ተቀምጦ ያየዋል። ይህች 15 ደቂቃ ከማንኛውም የቃል ማብራሪያ ትበልጣለች። መለቀቂያው ደግሞ ለሰውየው የተገባ ቃል ነው፤ በነጻ ለሚያገለግል ሰው ይህ ቃል ሊከበርለት ይገባል።

ሰዓት ስትጽፉ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ከሰዓት» የሚለውን አትተዉ። በጎ ፈቃደኞቹ መካከል ስልካቸው በሌላው አቆጣጠር የተሞላ ሰዎች ካሉ ሁለተኛውን ሰዓት በቅንፍ ጨምሩ፤ ለምሳሌ «ጠዋት 2:30 (በስልክ 8:30)»። አንድ ሰው 3:00ን ከሰዓት በኋላ ብሎ ቢያነበው ወረቀቱ ላይ የሚያርመው ሌላ ነገር የለምና።

ርክክቡ ምን እንደሆነ ወረቀቱ ይናገር፦ የእጅ ሰዓቱ፣ የቀሩት የውጤት ወረቀቶች ቁጥር፣ ኳሶቹ፣ እና ያልተቋጨ ነገር ካለ እሱ። ለምሳሌ «የ3ኛው ጨዋታ ውጤት ላይ ቅሬታ ቀርቧል፤ ኃላፊው ይዞታል» የሚል። ከዚህ ቀጥሎ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ «ተተኪያችሁ ካልመጣ ቦታውን ባዶ ትታችሁ አትሂዱ፤ ለአስተባባሪው ደውሉ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተጠባባቂው ይተካችኋል።» የመጀመሪያውን ግማሽ ጽፎ ሁለተኛውን መተው ሰውን ማገት ነው። ተጠባባቂ ሳይኖራችሁ ደግሞ ይህን ቃል አትግቡ።

እረፍትም ሰዓቱ ይጻፍ። ሁሉም በ7:30 የምሳ እረፍት ይበላል ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሩና የውሃው ድንኳን በዚያ ሰዓት ይበልጥ ሰው ይበዛባቸዋል። የእነሱ ምሳ 7:00 ላይ በተጠባባቂው እየተተኩ ይሁን። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች ካሉ የወላጅ ፈቃድ ቀድሞ ይያዝ፣ ብቻቸውንም ቦታ አይያዙ።

አራተኛ፦ የስልክ ዝርዝሩን በማዕረግ ሳይሆን በችግር ጻፉ

ይህ ክፍል የወረቀቱ ግማሽ ሊሆን ይገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ የማየው ዝርዝር «የውድድር ዳይሬክተር፣ የሎጂስቲክስ ኃላፊ፣ የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ» እያለ ማዕረግና ስልክ የሚደረድር ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ግን የጠፋ ሕፃን ሲያገኝ ጉዳዩ የሎጂስቲክስ ይሁን የቴክኒክ አያውቅም። ማወቅም አይጠበቅበትም። በግራ በኩል የሆነው ነገር፣ ቀጥሎ መጀመሪያ የሚደረገው፣ ከዚያ የሚደወልለት ሰው ይጻፍ።

ለ17 ሰው ከአምስት የበለጠ ቁጥር አያስፈልግም፦ ዋና አስተባባሪ፣ ምክትሉ፣ የውድድር ኃላፊ (የጨዋታና የውጤት ጉዳይ)፣ እና የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳን። አምስተኛው የአካባቢው የአደጋ ጊዜ ጥሪ ቁጥር ነው። የሌሎቹን በጎ ፈቃደኞች የግል ስልክ ወረቀቱ ላይ አትዘርዝሩ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይረሳል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ማንም ያገኘዋል።

ከባዱ ጉዳይ ይቅደም። አንድ ተጫዋች ወድቆ የማይነቃ ከሆነ በጎ ፈቃደኛው ፈቃድ አይጠይቅም። ወረቀቱ ይህን በማያሻማ ቃል ይበል፦

> ሰው ወድቆ የማይመልስ ወይም በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ
> 1. ራሳችሁ ወዲያው ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ደውሉ፦ ________
>    እንዲህ በሉ፦ «ያለሁት ________ ሜዳ ነው። አድራሻው ________። አምቡላንሱ የሚገባው በ________ በር ነው።»
> 2. አጠገባችሁ ያለውን ሰው ወደ መጀመሪያ እርዳታ ድንኳን አስሩጡ፤ ባለሙያውንና የልብ ምት ማስነሻ መሣሪያውን ያምጣ። የደረት ግፊት የሚያውቅ ሰው ካለ ሳይጠብቅ ይጀምር።
> 3. ለዋና አስተባባሪ ደውሉ። እሱ በር ላይ ያለውን ተረኛ አምቡላንሱን እንዲቀበል ያደርጋል።

የአድራሻዋን መስመር ወረቀቱን ስታዘጋጁ እናንተ ሙሏት። በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ሜዳው ያለበትን መንገድ ስም አያስታውስም። ብዙ ሜዳዎች ሁለት ሦስት በር አላቸው፤ ከመካከላቸው መኪና የሚያስገባው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይቆለፋል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የበሩ ተረኛ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የልብ ምት ማስነሻ መሣሪያ ቦታው ላይ ከሌለ ያንን ቃል አውጡት፤ የሌለ ነገር ፍለጋ ሰው አይሩጥ።

ጭንቅላቱን ተመትቶ የተደናገረ፣ ያቅለሸለሸው ወይም ያዞረው ልጅ በተመለከተ በጎ ፈቃደኛው የሚያውቀው አንድ ነገር ይበቃዋል፦ ከሜዳ ይወጣል፣ የመጀመሪያ እርዳታው ባለሙያ ያየዋል፣ በዚያ ቀን ተመልሶ አይጫወትም። «ደህና ነኝ» ቢልም፣ አሠልጣኙ ቢለምንም። ይህን ወረቀቱ ላይ ማስፈር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው ከልመና ያድነዋል።

የነጎድጓድ ጉዳይም እንዲሁ አንድ መስመር ይበቃዋል። ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታው ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ ተዘጋ መኪና ይገባል፤ ድንኳንና ዛፍ መጠለያ አይደሉም። የሚመለሱት ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ማስቆሙን የሚያውጀው የውድድር ኃላፊው ቢሆንም፣ የሰማ ተረኛ ሁሉ ሊደውልለት ይገባል። አንዱ ሜዳ ዳር ያለ ሰው የሰማውን ቢሮ ውስጥ ያለው ላይሰማው ይችላል።

የጠፋ ሕፃን ነገር ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠው፤ እዚህ ላይ በቅንነት የሚደረግ ነገር ራሱ አደጋ ሊያመጣ ይችላልና። ብቻውን የሚያለቅስ ልጅ ያገኘ በጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያ ስሜቱ ልጁን እጁን ይዞ እናቱን ፍለጋ መዞር፣ ወይም ስሙንና የለበሰውን በድምፅ ማጉያ ማስነገር ነው። ሁለቱም አይደረጉም። መልኩና ስሙ ከተነገረ ማንም መጥቶ «የእኔ ነው» ሊል ይችላል፤ ማረጋገጫ የሚሆነን መረጃ ሁሉ በአደባባይ ተበትኗል። ወረቀቱ እንዲህ ይበል፦

> ብቻውን የሆነ ልጅ ካገኛችሁ
> ሌላ ትልቅ ሰው ጥሩ፤ ሁለት ሆናችሁ ከልጁ ጋር ባገኛችሁት ቦታ ቆዩ። ለዋና አስተባባሪ ደውሉ፤ ወደ ምዝገባ ጠረጴዛ አብሮ ይወስዳችኋል። ስሙንም መልኩንም በድምፅ ማጉያ አታስነግሩ። ልጁን የሚያስረክበው አስተባባሪው ብቻ ነው፤ የሚረከበው ሰው የልጁን ስም፣ ዕድሜና የለበሰውን ሳይነገረው መናገር አለበት። ልጁ ከፈራ ወይም የተባለው ካልገጠመ አይሰጥም።
>
> ልጄ ጠፋብኝ የሚል ወላጅ ከመጣ
> መልኩን፣ ልብሱንና መጨረሻ የታየበትን ቦታ ጻፉ። ለዋና አስተባባሪ ደውሉ። እሱ መጀመሪያ የሚደውለው ለበሩ ተረኛ ነው። ወላጁን ብቻውን አትተዉት።

ሁለቱ ጉዳዮች ለየብቻ የተጻፉት መልሳቸው ስለሚለያይ ነው። በመጀመሪያው ልጁ በእጃችን አለ፤ ጊዜ አለን። በሁለተኛው ግን በሩ ካልተጠበቀ እያንዳንዷ ደቂቃ ትጎዳለች።

የቀሩት ቀላል ናቸው፤ በአጭሩ ይለፉ። ቡድን በሰዓቱ ካልቀረበ፣ ውጤት ላይ ክርክር ከተነሳ ወይም ዳኛ ካልመጣ ወደ ውድድር ኃላፊው። ተተኪ ከቀረ፣ ውሃ ካለቀ፣ ቁልፍ ከጠፋ ወይም ጠብ ሊነሳ ከሆነ ወደ ዋና አስተባባሪው። ጠብ ላይ «በመሐል አትግቡ» የምትል ቃል ትጨመር። ከሁሉም ሥር ደግሞ፦ «ዋናው አስተባባሪ በሁለት ጥሪ ካላነሳ ለምክትሉ ደውሉ፤ መልእክት ጽፋችሁ አትጠብቁ።»

ቁጥሮቹን ከጻፋችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሜዳው ላይ ቆማችሁ ደውሉት። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ቁጥር ሜዳ 2 ላይ ኔትወርክ ላይኖረው ይችላል፤ ያኔ ሰው የሚላክበት ወይም ሬዲዮ የሚያዝበት መንገድ መጻፍ አለበት። ስልኩ የተጻፈው ሰው በዚያ ሰዓት ምን ላይ እንደሚሆንም ጠይቁ። የውድድር ኃላፊው አንድ ጨዋታ ራሱ የሚያጫውት ከሆነ ለ45 ደቂቃ አያነሳም፤ በዚያ ጊዜ የሚተካው ሰው ቁጥር ይግባ።

አምስተኛ፦ አቀማመጡ

አንድ ኤ4 ወረቀት፣ ሁለት ገጽ። አንደኛው ገጽ የቦታው ሥራና ፈረቃ ነው፤ እንደየቦታው ይለያያል። ሁለተኛው ገጽ የስልክ ዝርዝሩ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት። በዚህ መንገድ ለውድድራችን ስድስት ዓይነት ወረቀት ይበቃል፦ ጠረጴዛ፣ ሜዳ፣ በር፣ ምዝገባና ውጤት፣ ተጠባባቂ፣ ውሃ። የሜዳ 1 እና የሜዳ 2 ወረቀት በሰዓትና በቦታ ብቻ ስለሚለያይ አንዱን ቀድቶ ማስተካከል ነው፤ ሲቀዳ ግን የቀድሞው ሜዳ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ሳይለወጥ እንዳይቀር በደንብ ይታይ። ጽሑፉ በ12 መጠን፣ ስልክ ቁጥሮቹ በ18 ደምቀው ይውጡ። ቁጥሩን ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት አሃዝ እየከፈላችሁ ጻፉት፤ አሥር አሃዝ ተያይዞ ሲጻፍ ሰው እየደወለ መስመር ይስታል። በቀለም ብቻ የሚለይ ነገር አታስገቡ፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ቀይ የነበረው ሁሉ ግራጫ ይሆናል።

ከላይ ጥግ ላይ የቅጂ ቁጥርና ቀን ይኑር፦ «ቅጂ 2»። የጨዋታ ሰዓት ከተለወጠ በቴሌግራም «ሜዳ 2 በ15 ደቂቃ ተገፍቷል» ብሎ መልእክት መላክ ብቻውን አይበቃም፤ ሙሉው ወረቀት ታርሞ «ቅጂ 3» ተብሎ ይላክ፣ የቀድሞውም ከግሩፑ ይሰረዝ። አለበለዚያ ግማሹ ሰው በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይሠራል።

ስድስተኛ፦ ከመታተሙ በፊት ሞክሩት

ወረቀቱን በስብሰባ ላይ ላልነበረ፣ ውድድሩንም ለማያውቅ ሰው ስጡት። ምንም አታብራሩ። ከዚያ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ የሜዳ 2 ጠረጴዛ ተረኛ ነህ፤ ስንት ሰዓት ትደርሳለህ? አሠልጣኝ ውጤት ቀይር ቢልህ ምን ትለዋለህ? አምቡላንስ በየትኛው በር ይገባል? የአራት ዓመት ልጅ ብቻዋን አገኘህ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? 6:00 ሆኖ ተተኪህ አልመጣም፤ ምን ታደርጋለህ? እያንዳንዱን መልስ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ በጣቱ መጠቆም ከቻለ ወረቀቱ ደርሷል። ወረቀቱን እያገላበጠ ከቆየ መልሱ አለ ግን ቦታው ልክ አይደለም። እናንተን መልሶ ከጠየቀ መልሱ የለም ማለት ነው። ልታስረዱት አትሞክሩ፤ የጠየቀውን ጽፋችሁ ወረቀቱ ውስጥ አስገቡ።

ወረቀቱ ለበጎ ፈቃደኞቹ ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት በፒዲኤፍ ይድረሳቸው፤ «ደርሶኛል፣ ሰዓቴም 2:30 ነው» ብለው ሰዓታቸውን ጽፈው እንዲመልሱ ጠይቁ። «እሺ» ብቻ ማንበቡን አያሳይም። የጠዋቱ መፈረሚያ ላይ የታተመው ይሰጣቸዋል፤ አምስት ትርፍ ቅጂ ምዝገባ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ሲለቀቁም ሰደርያውንና ወረቀቱን አብራችሁ ተቀበሉ። በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ የጻፉት ነገር ካለ ለሚቀጥለው ቅጂ ለዩት፤ የሰዎች ስልክ ያለበት ነውና ቀሪውን ቀዳድዳችሁ ጣሉት።